ከጉንፋን በኋላ ጆሮ ሲያምና ሲደፈን፦ ለአዋቂ አንድ መንገድ፣ ለልጅ ሌላ

«የጆሮ ጠብታ ስጠኝ።»

አዳማ በምሠራበት ፋርማሲ፣ ጉንፋን በሚበረታበት ሰሞን ይህን ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም። «ለማን ነው?» ስል አንዱ ለራሱ ነው፣ አንዷ ለልጇ ናት። አንዳንዱ ደግሞ «ለሁለታችንም ይሆናል» ይለኛል።

አይሆንም። ከጉንፋን ተከትሎ የሚመጣ የጆሮ ሕመም ከታምቡሩ ጀርባ ነው ያለው። ታምቡሩ እስካልተቀደደ ድረስ ከውጭ የተንጠባጠበ መድኃኒት እዚያ አይደርስም። ከተቀደደ ደግሞ ያልሆነ ጠብታ ጉዳት ያደርሳል። ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ሳይሻለው የሚቀረው ለዚህ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጎረቤቴ መጣ። እሑድ ማታ ከአዲስ አበባ በፈጣን መንገዱ ሲመለስ ቀኝ ጆሮው ድፍን አለ። የ2 ዓመት ልጁም ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዋን ይዛ ስታለቅስ አድራለች። ጉንፋኑ አንድ ነው፤ እርሷ አምጥታው እርሱ ላይ አለፈ። ያደረግነው ግን ለየቅል ነበር። ቅደም ተከተሉን በእነርሱ ላይ እያየን እንሂድ።

## ከሁሉ በፊት፦ እቤት የማይቆዩት

ከሚከተሉት አንዱ ካለ የቀረውን አታንብቡ። ተነሥታችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሂዱ።

- ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት አብጦ፣ ቀልቶ፣ ሲነኩት ካመመ፤ ወይም ጆሮው ከሌላው ይልቅ ወደ ፊት ገፋ ብሎ ከታየ። ይህ ኢንፌክሽኑ ወደ አጥንቱ መዛመቱን ሊያሳይ ይችላል።
- ፊት በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ ዓይን አልከደን ካለ።
- አንገት ከደረቀ፣ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ፣ ልጁ ከፈዘዘ ወይም አልነቃ ካለ።
- ቤቱ የሚዞር ዓይነት ማዞር ካለ።
- ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ከሆነ። ከ3 ወር በታች ሆኖ ሙቀቱ 38 ከደረሰ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቁ።

ጎረቤቴ በሁለቱም ላይ ከእነዚህ አንዱንም አላየም። ስለዚህ ቀጠልን።

## 1. ጆሮ ውስጥ ምንም ሳታስገቡ ፈትሹ

የጆሮ ጥጡን አስቀምጡት። ክብሪት እንጨትም፣ የፀጉር ሽቦም እንዲሁ። የሚያስፈልጋችሁ ጣታችሁና የስልክ መብራት ብቻ ነው።

ሀ. ጆሮውን ሳብ አድርጉ። የውጩን ጆሮ ቀስ አድርጋችሁ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳቡት። ቀጥሎ ከጆሮው ቀዳዳ ፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታ ጫን አድርጉ። ይህ ሲደረግ ሕመሙ ከባሰ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የውጩ የጆሮ መተላለፊያ ነው። ውኃ ገብቶበት ወይም ተቧጥጦ ሊሆን ይችላል፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። የጉንፋን ጆሮ ግን በመሳብ ብዙም አይብስም፤ ሕመሙ ከውስጥ ነው የሚወቃው።

ልጅ ሲነኩት ያለቅሳል፤ ስለዚህ ለቅሶው ብቻ አያሳስታችሁ። መጀመሪያ ጤነኛውን ጆሮ ሳቡ፣ ከዚያ የታመመውን። ልዩነት ካለ ፊቱ ላይ ታዩታላችሁ።

ለ. ፈሳሽ ፈልጉ። ቀዳዳው አፍ ላይ መብራት አብሩ። ትራሱንም እዩት። ቢጫ ወይም ቡናማ ነጠብጣብ፣ የደረቀ ቅርፊት፣ መጥፎ ሽታ ካለ ወደ ደረጃ 5 ዝለሉ።

ሐ. ከጆሮ ጀርባ በሁለቱም በኩል ዳብሱ። ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

## 2. ልዩነቱ ከየት መጣ?

ይህን ባጭሩ ላስረዳ፤ ቀጥሎ የምላችሁ ትእዛዝ ሁሉ ከዚህ ስለሚወጣ ነው።

ከታምቡሩ ጀርባ ትንሽ የአየር ክፍል አለ። መካከለኛው ጆሮ የሚባለው ይህ ነው። ከዚህ ክፍል ቀጭን ቱቦ ተነሥቶ ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከጉሮሮ በላይ ይወርዳል። ስንውጥና ስናዛጋ ይህ ቱቦ ለቅጽበት ተከፍቶ አየር ያስገባል፤ ያቺ «ጠቅ» የምትል ድምፅ እርሷ ናት። ጉንፋን ሲይዘን የቱቦው አፍ ያብጣል፣ ይዘጋልም።

በአዋቂ ላይ ቱቦው 3 ሴንቲ ተኩል ገደማ ይረዝማል፤ ቁልቁልም ያዘነበለ ነው። የአፍንጫው ቆሻሻ ወደ ላይ ለመውጣት ይቸግረዋል። ስለዚህ አብዛኛው አዋቂ የሚገጥመው መደፈን ነው፦ አየሩ ውስጥ ታፍኖ ይመጠጣል፣ ታምቡሩ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ትንሽ ፈሳሽ ያቁራል። ድምፅ ከውኃ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል፤ የራስ ድምፅ ይጮኻል። አዋቂም መግል ይይዘዋል፤ ግን ከልጅ ይልቅ በጣም ያነሰ ነው።

በሕፃን ላይ ቱቦው የአዋቂውን ግማሽ ያህላል፤ አቀማመጡም አግድም ሊባል ምንም አይቀረው። ንፍጡ ከነጀርሙ ይሻገራል። ስለዚህ በልጅ ላይ ጉንፋኑ በያዘው በጥቂት ቀናት ውስጥ እውነተኛ ኢንፌክሽን ይነሣል። በተለይ ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ያሉት ለዚህ ቅርብ ናቸው።

የጎረቤቴ ጉዳይ ላይ መንገዱም ተጨምሯል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ትበልጣለች፤ አዳማ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቁልቁል በወረድን ቁጥር የውጩ የአየር ግፊት ይጨምራል፣ ታምቡሩን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ጤነኛ ሰው ምራቁን ሲውጥ ይስተካከላል። ቱቦው ያበጠበት ግን ቢሾፍቱ ላይ የጀመረው መደፈን ሞጆ ሲደርስ ሕመም ይሆንበታል።

## 3. አዋቂው ምን ያድርግ?

### መጀመሪያ፦ የማንጎራጎር ፈተና

አንድ ጆሮ ድንገት ሲደፈን ሁሉ ጉንፋን አይደለም። አንዳንዴ የሚታመመው ውስጠኛው የመስሚያ ነርቭ ነው። ስሜቱ ተመሳሳይ ነው፦ ድፍን ማለት። ያኛው ግን በቀናት ውስጥ ካልታከመ መስማት ለዘለቄታው ሊቀር ይችላል።

ጸጥ ያለ ቦታ ተቀመጡ። አፋችሁን ዘግታችሁ ዝቅ ባለ ድምፅ «እምምም» በሉ። ድምፁ በየትኛው ጆሮ ጎልቶ ተሰማ?

- በተደፈነው ጆሮ ከጎላ፦ ችግሩ የአየር ወይም የፈሳሽ መዘጋት ነው። ኩክም ሊሆን ይችላል። ቀጥሉ።
- በጤነኛው ጆሮ ከጎላ፦ በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በማግሥቱ የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። «ጉንፋን ነው፣ ይለቃል» ብላችሁ ሳምንት አትጠብቁ።
- እኩል ከተሰማ ወይም ካልለየላችሁ፦ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ድገሙት። የስልክ ጥሪ በዚያ ጆሮ ጭራሽ የማይሰማችሁ ከሆነ ግን ሂዱና ታዩ።

ፈተናው ሐኪም አይተካም፤ መንገድ ይጠቁማል እንጂ። ጎረቤቴ ባንኮኒው ፊት ቆሞ «እምምም» ሲል ወረፋ የያዙት ሁሉ ዞረው አዩት። ድምፁ በተደፈነው በቀኙ ጎላ። ለእርሱ መልካም ዜና ነበር።

### ቀጥሎ፦ ቱቦውን መክፈት

ሕክምናው ያለው አፍንጫ ላይ ነው፤ ጆሮውን እርሱት።

1. አንድ ኩባያ ውኃ (ሩብ ሊትር) አፍሉና አቀዝቅዙ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ጨው አሟሙበት። በንጹሕ ሲሪንጅ፣ ያለ መርፌ፣ በእያንዳንዱ የአፍንጫ ቀዳዳ ጥቂት ጥቂት አድርጉ። በቀን 3 ጊዜ ይበቃል። ውኃውን በየቀኑ አዲስ ሥሩ።
2. አንዱን የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ ያዙና በሌላው ቀስ ብላችሁ ተናፈጡ። ሁለቱን አፍኖ በኃይል መናፈጥ ንፍጡን ወደ ጆሮ ይገፋዋል።
3. አፍንጫው ጨርሶ ከታፈነ የአፍንጫ መክፈቻ ጠብታ ለጥቂት ቀናት ይረዳል። ከ5 ቀን አታሳልፉት፤ ካለፈ አፍንጫው መልሶ ይብስበታል። የደም ግፊት ወይም የልብ ሕመም ካለባችሁ፣ ነፍሰ ጡርም ከሆናችሁ ፋርማሲ ስትመጡ አስቀድማችሁ ተናገሩ። እንዲህ ዓይነቱ ጠብታ ለትንንሽ ልጆች አይሰጥም።
4. አፍንጫው ሲከፈት ዋጡ፣ አዛጉ፣ ማስቲካ አላምጡ። ቆሎም ያው ነው፤ እንዲያውም መንጋጋን የበለጠ ያሠራል።
5. ይህ ካልበቃ አፍንጫችሁን በጣት ይዛችሁ፣ አፋችሁን ዘግታችሁ ቀስ ብላችሁ አየር ግፉ። ትንሽ «ጠቅ» ካለ አቁሙ። ካላለ ተዉት፤ ከሰዓታት በኋላ ሞክሩ።

«ቀስ ብላችሁ» ያልኩት በምክንያት ነው። ከዓመታት በፊት እኔው ራሴ ጉንፋን ይዞኝ ከአዲስ አበባ ስመጣ፣ ሞጆ አካባቢ ትዕግሥቴ አለቀና አፍንጫዬን ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁ። ጆሮዬ ጮኸ፣ ሚኒባሱ ዞረብኝ፣ እስክንገባ ፌስታል ይዤ ነው የተቀመጥኩት። ግፊቱ የውስጡንም ጆሮ ሊጎዳ እንደሚችል አውቅ ነበር፤ ግን የቸኮለ ሰው ምን ያስታውሳል? ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ከጆሮ የሚወጣ ፈሳሽ ካለ ይህን ጨርሶ አታድርጉ።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ ይወሰዳል፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይበልጥም። ክብደታችሁ ከ50 ኪሎ በታች ከሆነ ወይም የጉበት ችግር ካለባችሁ ግን መጠኑ ይቀንሳል፤ ጠይቁ። የጉንፋን ክኒኖች ብዙዎቹ ፓራሲታሞል በውስጣቸው አለ። ሁለቱን ደርባችሁ እንዳትውጡ ማሸጊያውን አንብቡ።

### አልሆነ ሲል

ሕመሙ በ2 ቀን ካልቀነሰ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ጆሮው እንደ ልብ ምት ድም ድም እያለ እንቅልፍ ከነሣ አዋቂውም መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። ታይቶ መድኃኒት ይታዘዝለታል።

ሕመም ሳይኖር መደፈኑ ብቻ ከቀረ አንድ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ይቻላል። አንዳንዴም ከዚያ ይረዝማል። የአዋቂ አንድ ጆሮ ብቻ ከወር በላይ ተደፍኖ ከቀረ ግን የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂዱና ከአፍንጫችሁ ጀርባ በካሜራ እንዲታይ ጠይቁ። ቱቦው የሚከፈተው እዚያ ነው፤ አንዳንዴ እዚያ የበቀለ እባጭ ነው የሚዘጋው፤ ካንሰርም ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ምንም አይገኝም። ነገር ግን አንገት ላይ እብጠት ወይም ከአፍንጫ ደም ካለ ወር ሙሉ መጠበቅም አያስፈልግም። በልጅ ላይ ለወር የቆየ ፈሳሽ የተለመደ ነገር ነው፤ በአዋቂ ላይ ግን ምክንያቱ ይፈለጋል።

## 4. ልጁን ምን እናድርግ?

ልጅ «ጆሮዬን» አይልም። ጉንፋኑ ሊለቀው ነው ስትሉ በሦስተኛው በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ይመለሳል። ቀን ደህና ይጫወታል፤ ሲያስተኙት ይጮኻል። ጡት ወይም ጡጦ ጀምሮ እየጮኸ ይተዋል፤ መጥባትና መዋጥ ጆሮውን ስለሚያመው ነው። ያስመልሰው፣ ያስቀምጠውም ይሆናል። ጆሮ መጎተት ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ ጥርስ የሚያወጣ ልጅም፣ እንቅልፍ የመጣበትም ይጎትታል።

### በመጀመሪያው ሰዓት፦ ሕመሙን ማስታገስ

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። አንቲባዮቲክ ፍለጋ ሲሮጥ ልጁ ያለ ማስታገሻ ያድራል። አንቲባዮቲክ ቢሰጥ እንኳ በመጀመሪያው ሌሊት ሕመም አይቀንስም።

1. ልጁን መዝኑ። ዕድሜ አይበቃም። ሚዛን ከሌለ ልጁን ታቅፋችሁ ተመዘኑ፣ ከዚያ ብቻችሁን፤ ልዩነቱ የልጁ ነው።
2. ጠርሙሱን አንብቡ። የፓራሲታሞል ሽሮፕ ብዙውን ጊዜ በ5 ሚሊ ሊትር 120 ወይም 125 ሚሊግራም ይይዛል። ለሕፃናት የሚሆን በጠብታ የሚሰጥ ደግሞ አለ፤ እርሱ እጅግ የተጠናከረ ነው። የሽሮፑን ልክ ከጠብታው ጠርሙስ መስጠት አደገኛ ነው።
3. አስሉ። ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም። የጎረቤቴ ልጅ 12 ኪሎ ናት፤ ስለዚህ ከ120 እስከ 180 ሚሊግራም ይሆናል። የእኛ ጠርሙስ በ5 ሚሊ 120 ስለነበር ከ5 እስከ 7.5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አባትየው እስከዚያ ሲሰጣት ያደረው 2.5 ሚሊ ነበር፤ «እንዳይበዛባት ብዬ» አለ። ሌሊቱን ሙሉ ያለቀሰችው በግማሽ ልክ ነው።
4. በሲሪንጅ ስጡ። የቤት ማንኪያ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ሲሪንጁን ወደ ጉንጩ በኩል አስገብታችሁ ቀስ እያላችሁ ግፉ።
5. ሰዓቱን ጻፉ። በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ አይበልጥም። እናት ሰጥታ አባት እንዳይደግም ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት።

በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው አንድ ጊዜ ድገሙ። ከዚያ ከቆየ የሚቀጥለውን ሰዓት ጠብቁ። አስፒሪን ለልጅ አይሰጥም። አይቡፕሮፌን ከ6 ወር በላይ ላለ ልጅ ይቻላል፤ ውኃ ካነሰው፣ እያስመለሰውና እያስቀመጠው ከሆነ ግን ተዉት።

### ጆሮ ውስጥ የማይገቡ

የሞቀ ዘይት፣ ቅቤ፣ የነጭ ሽንኩርት ውኃ፣ የእናት ጡት ወተት፣ የጤና አዳም ጭማቂ። አያቶቻችን በቅንነት ነው ያደረጉት፤ ጤና አዳም ለቡና ነፍስ ነው፣ እኔም ያለ እርሱ አልጠጣም። ጆሮ ውስጥ ግን ታምቡሩ ተቀዶ ከሆነ ሁሉም ቀጥታ ወደ መካከለኛው ጆሮ ነው የሚገቡት። የሐኪሙንም ዓይን ይጋርዳሉ። ዘይት የተሞላ ጆሮ ውስጥ ታምቡር አይታይም።

እቤት የቀረ የጀንታማይሲን ጠብታም አትጠቀሙ። በተቀደደ ታምቡር አልፎ ውስጠኛውን ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። ባለፈው ጊዜ የተረፈ አሞክሲሲሊንም እንዲሁ ይቅር፤ ዱቄቱ በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ ከቀናት አያልፍም፣ ልኩም ለዚያን ጊዜው ክብደት ነበር።

### መቼ ወደ ጤና ጣቢያ?

የልጅ ጆሮ በመሣሪያ መታየት አለበት። ትኩሳቱ 39 ከደረሰ፣ ልጁ ከ2 ዓመት በታች ሆኖ ሁለቱም ጆሮ ካመመው፣ ፈሳሽ ከወጣ ወይም መጠጣት እምቢ ካለ በዚያው ቀን ውሰዱት። ቀለል ያለ ከሆነም በትክክለኛ ማስታገሻ ቢበዛ 2 ቀን ጠብቁና ካልተሻለው ውሰዱት። ብዙ ልጆች ያለ አንቲባዮቲክም ይድናሉ፤ የትኛው ልጅ እንደሚጠብቅና የትኛው እንደማይጠብቅ የሚወስነው ግን ያየው ባለሙያ ነው። ከታዘዘ ደግሞ «ተሽሎታል» ብላችሁ በ2ኛው ቀን አታቋርጡ።

## 5. ፈሳሽ ከወጣ

ሰኞ ማታ ልጅቷ ተኛች። ያውም ጥልቅ እንቅልፍ። ማክሰኞ ጠዋት እናቷ ደስ ብሏት ደወለችልኝ፤ «ዳነች» አለች። ትራሱን እይው አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና፣ «ቢጫ ነገር አለ፤ ፀጉሯም ተጣብቋል» አለችኝ።

መግሉ ታምቡሩን በስቶ ወጥቷል። ግፊቱ ስለቀነሰ ሕመሙ ጠፋ። ይህ መዳን አይደለም፤ ግን አትደንግጡ፣ እንዲህ ያለች ትንሽ ቀዳዳ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ራሷ ትዘጋለች። የእናንተ ሥራ ጆሮውን ማድረቅና ልጁን በዚያው ቀን ማሳየት ነው።

1. እጃችሁን ታጠቡ። ንጹሕ፣ የሚመጥ የጥጥ ጨርቅ ወይም የማይበጣጠስ ለስላሳ ሶፍት ቁረጡ።
2. እንደ ጧፍ ክር አሹልታችሁ ጠምዝዙት። እንጨት አይግባበት።
3. ልጁን አባቱ ወይም አክስቱ ጭን ላይ አስይዙ፤ ራሱ እንዳይነቃነቅ። ጆሮውን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ሳቡ።
4. ጫፉን ወደ ጆሮው አስገቡት፤ ሲነካ አቁሙ፣ አትግፉት። እስኪርስ ጠብቁ።
5. አውጡና ጣሉት። አዲስ አስገቡ። ደርቆ እስኪወጣ ድገሙ።
6. በቀን 3 ጊዜ፣ ፈሳሹ እስኪቆም።

ስትጨርሱ ጥጥ ወትፋችሁ አትተዉ፤ እርጥበቱን አፍኖ ያቆየዋል። ስታጥቡት ብቻ ቫዝሊን የተቀባ ጥጥ ከውጭ አድርጉና ወዲያው አውጡት። ሶደሬ መዋኘትም ጆሮው ታይቶ «ተዘግቷል» እስኪባል ይቆይ።

ክሩ ደም ቢነካ፦ ከመግል ጋር ትንሽ የደም ጠብታ ያጋጥማል። ብዙ ደም ወይም እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ከሆነ፣ በተለይ ልጁ ወድቆ ከነበረ፣ ድንገተኛ ነው።

ፈሳሹ 14 ቀን ከሞላው፦ ሕመሙ ሥር ሰድዷል። በጤና ጣቢያ ሕክምናውም ይለወጣል፤ ጆሮውን ማድረቅና ለተቀደደ ታምቡር የሚሆን ጠብታ ለ2 ሳምንት ይታዘዛል። ጠብታ ቦታ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው፤ እርሱም ጆሮው ከደረቀ በኋላ ሲደረግ ነው የሚሠራው።

ልጅቷ ማክሰኞ ጤና ጣቢያ ታየች። በአፍ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ለ5 ቀን ተሰጣት፤ በ5ኛው ቀን ለክትትል ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ክሩ ደረቅ ወጥቶ ነበር።

## 6. ሕመሙ ጠፍቶ መስማት ሲቀር

አባትየው በዘጠነኛው ቀን ቡና እየጠጣ ሲያዛጋ ጆሮው «ጠቅ» አለለት። ቀጥሎ በነበረው ሳምንት አዲስ አበባ መሄድ ነበረበት። ጉንፋኑ ካልለቀቀ መንገዱን አዘግይ፣ ግድ ከሆነ ሲመለስ ቁልቁለቱ ላይ አትተኛ፣ ከመታፈኑ በፊት ደጋግመህ ዋጥ አልኩት። ለሕፃንም ያው ነው፤ ሲወርዱ ጡት ወይም ጡጦ ይጥባ።

ልጅቷ ግን ከትኩሳቱ በኋላም ስትጠራ አትዞርም ነበር። እናቷ «እልኸኛ ሆነችብኝ» ስትል ነው የጠረጠርኩት። ኢንፌክሽኑ ቢሄድም ፈሳሹ ከታምቡሩ ጀርባ ለሳምንታት ይቆያል። ለዚህ ሌላ ዙር አንቲባዮቲክ አይጠቅምም። መጠበቅ ነው፤ ግን እየፈተሹ።

በሳምንት አንድ ጊዜ ቴሌቪዥኑን ዝጉ። ልጁ ሌላ ነገር ላይ ሳለ፣ እንዳያያችሁ ከኋላው አንድ ሜትር ያህል ራቁና በሹክሹክታ ስሙን ጥሩ። ከዚያ «ከረሜላ» በሉ። የሚገርመው ብዙ ልጅ ለስሙ ሳይዞር ለከረሜላው ይዞራል፤ ሰምቷል ማለት ነው። ለሁለቱም ካልዞረ ቀኑን ጻፉት። እስከዚያው ስታናግሩት ፊት ለፊት፣ ቀረብ ብላችሁ፣ ከወትሮው ትንሽ ጎላ አድርጋችሁ ይሁን።

ተኝቶ ጡጦ መጥባት ይቁም፤ ቀና ብሎ ይጥባ። ልጁ ያለበት ክፍል ውስጥ ሲጋራ አይጨስ፤ የከሰልና የዕጣን ጭስም ራቅ ይበል።

3 ወር ሆኖት ፈሳሹ ካልሄደ፣ ንግግሩ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ከቀረ፣ ወይም ሲተኛ እያንኮራፋ በአፉ የሚተነፍስ ከሆነ የአንገት በላይ ሐኪም ይየው። ከአፍንጫ ጀርባ ያለው ሥጋ አብጦ ቱቦውን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ስትሄዱ የጻፋችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ፦ ጉንፋኑ የጀመረበት ቀን፣ ፈሳሽ የታየበት ቀን፣ የወሰደው መድኃኒት ከነልኩ፣ ለሹክሹክታ ያልዞረባቸው ቀናት።